ስሌቱ ዝቃጭ ይወጣል አለ፣ ቢከሩ ግን ጥርት ብሎ ቀረ

ጠብታ

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር አልዋጥልሽ ብሎኛል፤ እስቲ አግዙኝ። ላብ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር 0.030 M ሌድ ናይትሬት ነበረኝ። በላዩ ላይ 100 ሚሊ ሊትር 0.040 M ሶድየም ክሎራይድ ጨመርኩበት። ከመደባለቄ በፊት ዝቃጭ ይወጣ እንደሆነ አስልቻለሁ። የሌድ ክሎራይድ Ksp መጽሐፋችን ላይ 1.7 × 10⁻⁵ ነው።

Q = [Pb²⁺][Cl⁻]² = 0.030 × (0.040)² = 4.8 × 10⁻⁵

Q ከ Ksp ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ነጭ ዝቃጭ ጠበቅኩ። ምንም የለም! አማሰልኩት፣ ሩብ ሰዓት ቆየሁ፣ ቢከሩን ጥቁር ወረቀት ፊት አድርጌ በመብራት አየሁት። ጭጋግ እንኳን የለውም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሌድ ናይትሬቱ አሮጌ ስለሆነ ተበላሽቷል ይላል። እኔ ግን ጨው እንዲህ በቀላሉ የሚበላሽ አይመስለኝም። ስህተቱ ከኔ ነው ወይስ ከጠርሙሱ?

ነጭ ጠመኔ

እህቴ፣ ለዚህ እኮ ስሌትም አያስፈልግም። የመሟሟት ሠንጠረዡን እዪ። ክሎራይዶች ሁሉ ይሟሟሉ፤ ከሲልቨር፣ ከሌድ እና ከሜርኩሪ አንድ በስተቀር። ሌድ ክሎራይድ አይሟሟም ማለት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ መዝቀጡ አይቀርም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማስተምረው። ስለዚህ ጓደኛሽ ልክ ነው፤ ጠርሙሱን ፈትሹ። ምናልባት ሶሉሽኑን ያዘጋጀው ሰው ሚዛን ላይ ተሳስቶ ይሆናል።

ብርሌ

ጠርሙሱ ምንም አልሆነም። ስህተቱን አይቼዋለሁ። ሁለቱን ስትደባልቂያቸው ጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር ሆኗል። ሁለቱም በግማሽ ቀጥነዋል። አንቺ ያሰላሽው ገና ሳይገናኙ በየጠርሙሳቸው እያሉ ነው። ትክክለኛው ሌድ 0.015፣ ክሎራይድ 0.020 ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። በ PbCl₂ ውስጥ ክሎራይዱ ሁለት ስለሆነ 0.020ን በ2 ማባዛት አለብሽ፣ 0.040 ይሆናል። ከዚያ ስኩዌር።

Q = 0.015 × (0.040)² = 2.4 × 10⁻⁵

አሁንም ከ 1.7 × 10⁻⁵ በትንሹ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ዝቃጭ ወጥቶ ይሆናል፤ አይንሽ ግን አላየውም። በደንብ አማስዪው።

ሚዛን

ብርሌ ዋናውን ነገር አግኝቶታል። ኋላ ላይ ግን አንድ እርምጃ አሳስቶት መልሱን ገለበጠው።

0.020 በ2 አይባዛም። ያ ሁለት ከየት እንደመጣ እናስብ። ንጹህ ውሃ ውስጥ የሌድ ክሎራይድ ዱቄት ብንጨምር እና ቢሟሟ፣ እያንዳንዱ ሌድ ሁለት ክሎራይድ ይዞ ይወጣል። በዚያ ጊዜ ክሎራይዱ የሌዱ እጥፍ ነው፤ ሁለቱ የተወለዱት ከአንድ እናት ነውና። እዚህ ግን ክሎራይዱ የመጣው ከሶድየም ክሎራይድ ጠርሙስ ነው። ሌዱ ከሌላ ጠርሙስ መጥቷል። ከመገናኘታቸው በፊት አይተዋወቁም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ 0.020 M ነው፣ አለቀ። የቀመሩ ሁለት ቁጥር በስኩዌሩ ብቻ ነው የምትገባው።

Q = 0.015 × (0.020)² = 6.0 × 10⁻⁶

ይህ የ Ksp ሲሶ ነው። ዝቃጭ አይጠበቅም። ጠብታ፣ ቢከርሽ ጥርት ማለቱ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። መጀመሪያ ያገኘሽው 4.8 × 10⁻⁵ ነበር፤ ትክክለኛው 6.0 × 10⁻⁶ ነው። ልዩነቱ ግማሽ አይደለም፣ ስምንት እጥፍ ነው። ሌዱ በግማሽ ወረደ። ክሎራይዱም በግማሽ ወረደ፤ እሱ ግን ስኩዌር ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ግማሽ በግማሽ በግማሽ፣ አንድ ስምንተኛ። የቀመሩ ፓወር ከፍ ባለ ቁጥር ቅጥነቱን መርሳት የባሰ ያሳስታል።

ጠብታ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ስምንተኛ መሆኑን ሳየው ደነገጥኩ። ድምሩን መርሳቴ ይህን ያህል ያመጣል ብዬ አላሰብኩም። ለጓደኛዬ አሁን እነግረዋለሁ፤ ጠርሙሱን ሊደፋው ነበር።

ብርሌ

ጋሽ ሚዛን፣ ተቀብያለሁ። ግን ያን በ2 ማባዛት ከአእምሮዬ አልፈጠርኩትም፣ ተምሬዋለሁ። ታዲያ መቼ ነው የሚባዛው? ሁሌ እየተምታታብኝ ፈተና ላይ እሳሳታለሁ።

ሚዛን

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ጠብታ በሶድየም ክሎራይድ ፋንታ 0.040 M ካልሲየም ክሎራይድ ተጠቅማ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ CaCl₂ ሁለት ክሎራይድ ስለሚለቅ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ክሎራይድ 0.080 ይሆን ነበር። ከተደባለቀ በኋላ 0.040። ያኔ Q ስንት ይሆናል? 0.015 × (0.040)²፣ ማለትም 2.4 × 10⁻⁵። የራስህ ቁጥር ነው! ስሌትህ ለሌላ ጠርሙስ ትክክል ነበር።

እንግዲህ ማባዛቱ የሚወሰነው አዮኑን ይዞት በመጣው ጨው ነው። ስኩዌሩ የሚወሰነው ሊዘቅጥ በሚችለው ጨው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቅ። መጀመሪያ እያንዳንዱ አዮን ውሃው ውስጥ ስንት እንዳለ ጻፍ፤ ከየትም ይምጣ። ያ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚዘቅጠውን ጨው ቀመር አንሳ።

ነጭ ጠመኔ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ሠንጠረዡ ሌድ ክሎራይድ አይሟሟም ይላል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ውሸት ነው ማለት ነው?

ሚዛን

ውሸትስ አይደለም መምህር። ሠንጠረዡ የሚናገረው በተለምዶ ላብ ውስጥ ስለምንጠቀምባቸው ወፈር ያሉ ሶሉሽኖች ነው፤ 0.1 M አካባቢና ከዚያ በላይ። ለሲልቨር ክሎራይድ መቼም አያሳፍርዎትም። Ksp 1.8 × 10⁻¹⁰ ነው። 0.1 M የሆኑ ሁለት ሶሉሽኖችን እኩል እኩል ቢደባልቁ Q 0.05 × 0.05፣ ማለትም 2.5 × 10⁻³ ነው። ከ Ksp ከአሥር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል። እንዲያውም 100 ሚሊ ሊትር 0.0010 M ሶድየም ክሎራይድ ውስጥ አንዲት ጠብታ 0.10 M ሲልቨር ናይትሬት ጣል ቢያደርጉ ይደፈርሳል። ጠብታዋን 0.05 ሚሊ ሊትር እንበላት። ሲልቨሩ ወደ 5 × 10⁻⁵ M ይቀጥናል፣ Q 5 × 10⁻⁸ ይሆናል፤ አሁንም ከ Ksp ከ270 እጥፍ በላይ ነው።

ሌድ ክሎራይድ ግን ሌላ ነው። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ወደ 10 ግራም ያህል ያሟሟል። «አይሟሟም» የሚለው ቃል ሲልቨር ክሎራይድንና ሌድ ክሎራይድን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው፤ በመካከላቸው ግን ሰፊ ርቀት አለ። እንዲህ ላሉት Q ማስላት ግድ ነው።

ነጭ ጠመኔ

አሁን ገባኝ። 10 ግራም በሊትር ብዙ ነው። ይህን ሳላውቅ «አይሟሟም» ስል መኖሬ ቆጨኝ። ሠንጠረዡን አልተውም፤ ከሌድ ክሎራይድ አጠገብ ግን ምልክት አደርግበታለሁ።

ፈታኝ

ጥያቄው ስንት ግራም ይዘቅጣል ነው አይደል? ቀላል ነው። ሌድ 0.0030 ሞል፣ ክሎራይድ 0.0040 ሞል። ለእያንዳንዱ ሌድ ሁለት ክሎራይድ ስለሚያስፈልግ ቀድሞ የሚያልቀው ክሎራይዱ ነው። 0.0020 ሞል PbCl₂ ይወጣል። በ278 ሲባዛ 0.56 ግራም አካባቢ። ጠብታ፣ ፊልተር አድርገሽ መዝኚው።

ብርሌ

ወንድሜ ፈታኝ፣ ጥያቄዋ ስንት ግራም አይደለም፣ ይወጣል ወይስ አይወጣም ነው። አንተ ያሰላኸው ሁሉም ክሎራይድ ሌድ አግኝቶ ቢወድቅ ነው። Q ከ Ksp በታች ስለሆነ ግን አንድም አይወድቅም። መልሱ ዜሮ ግራም ነው። እኔም ከላይ ተሳስቼ ነበር፣ አንብበው።

ፈታኝ

እሺ፣ ልክ ነህ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው የመለስኩት። ግን Q ቢበልጥ ኖሮ 0.56 ግራሙ ልክ ይሆን ነበር አይደል?

ሚዛን

አይሆንም። Q ሲበልጥ መዝቀጥ ይጀምራል። እየዘቀጠ ሲሄድ ሁለቱም አዮኖች ይቀንሳሉ፤ Q ልክ Ksp ላይ ሲደርስ ይቆማል። የቀረው ውሃው ውስጥ ይቆያል። ሲልቨር ክሎራይድ ላይ የሚቀረው ኢምንት ስለሆነ ያንተ ስሌት በደንብ ይሠራል። ሌድ ክሎራይድ ላይ ብዙ ይቀራል፤ በሚዛን ስታየው ከጠበቅከው ታንሳለች።

ጠብታ

ጋሽ ሚዛን፣ ስለ ካልሲየም ክሎራይዱ ያሉት ነገር ላይ ልመለስ። Q 2.4 × 10⁻⁵፣ Ksp 1.7 × 10⁻⁵። Q በለጠ። እንግዲያው ካልሲየም ክሎራይዱን ብጠቀም ዝቃጭ አያለሁ ማለት ነው? ላብ ውስጥ ጠርሙሱ አለ፣ ልሞክረው አሰብኩ።

ሚዛን

ሞክሪው፣ ግን ዝቃጭ ይወጣል ብለሽ አትወራረጂ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጠነክረው።

ከ Ksp ተነስተሽ ሌድ ክሎራይድ በንጹህ ውሃ ስንት እንደሚሟሟ አስዪ። 4s³ = 1.7 × 10⁻⁵፤ s 0.016 M ይወጣል። አሁን በሚዛን የተገኘውን እዪ። 10 ግራም በሊትር ያልኩት በ278 ሲካፈል 0.036 M ነው። በእጥፍ ይበልጣል! Ksp ተሳስቶ አይደለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። ውሃው ውስጥ አዮን ሲበዛ እያንዳንዱ ሌድ በተቃራኒ ቻርጅ ባላቸው አዮኖች ይከበባል፤ ያኔ የተጻፈለትን ያህል ንቁ አይሆንም። ሁለት ቻርጅ ያላቸው ላይ ይህ ይብሳል። ሌላው ደግሞ፣ የተወሰነው ሌድ ከአንድ ክሎራይድ ጋር ተያይዞ PbCl⁺ ሆኖ ሳይዘቅጥ ይኖራል። እኛ Q ስናሰላ ግን ሁሉንም ነጻና ንቁ አድርገን ቆጥረነዋል።

ስለዚህ የምናሰላው Q ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ለሲልቨር ክሎራይድ መቶ እጥፍ በልጦ ሳለ ይህ ምንም አያመጣም። በ1.4 እጥፍ ለሚበልጥ Q ግን መልሱን ይገለብጠዋል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ካሉ ጨዎች ጋር Q ከ Ksp በጥቂት እጥፍ ብቻ ሲበልጥ «ድንበር ላይ ነው» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «ይዘቅጣል» አልልም። ፈተና ላይ ግን የሚፈለገው ተራው ንጽጽር ነው፣ እሱን ጻፉ።

ሰማያዊ ጋን

እኔ ደግሞ የራሴን ላምጣ፤ ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ባለፈው 0.050 M ካልሲየም ክሎራይድና 0.050 M ሶድየም ሰልፌት እኩል እኩል ደባለቅኩ። ከቅጥነቱ በኋላ እያንዳንዳቸው 0.025። Q 6.25 × 10⁻⁴። የጂፕሰም Ksp 3.1 × 10⁻⁵ ነው። ሃያ እጥፍ! ድንበር ላይ አይደለም፣ በጣም አልፏል። ግን ማታ ከላብ ስወጣ ውሃው ልክ እንደ ምንጭ ውሃ ነበር። ጠዋት ስመጣ ግን የቢከሩ ግርጌ ላይ ቀጫጭን መርፌዎች አየሁ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ያብለጨልጫሉ። ማንም አልነካውም። Q ሌሊቱን ተቀየረ እንዴ?

ሚዛን

Q አልተቀየረም። ያንተ ነገር ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሃያ እጥፉ እውነተኛ ሃያ አይደለም። ካልሲየምም ሰልፌትም ሁለት ሁለት ቻርጅ አላቸው፤ ለጠብታ ያልኳት እዚህ የባሰ ነው። ስኩዌር ሩት ብታወጣ ጂፕሰም 0.0056 M ብቻ የሚሟሟ ይመስልሃል። በተግባር ወደ 0.015 M ይሟሟል። ያንተ 0.025 ነበር። አልፏል፣ ግን ብዙ አላለፈም።

ሁለተኛ፣ Q መጠኑን ሲያልፍ መዝቀጥ ይችላል እንጂ አሁኑኑ ይዘቅጣል ማለት አይደለም። አዮኖቹ መጀመሪያ ተሰባስበው ትንሽ ክሪስታል መሥራት አለባቸው። ትንሿ ክሪስታል ደግሞ መልሳ መሟሟት ይቀናታል። የበዛው መጠን ትንሽ ሲሆን የምትጸና እስክትገኝ ሰዓታት ይወስዳል። አንዴ ከተገኘች ግን ሌሎቹ እሷ ላይ ያድጋሉ። መርፌዎችህ እንዲያ ናቸው።

ነጭ ጠመኔ

ታዲያ አንድ ጥርት ያለ ቢከር ፊቴ ቢቀመጥ፣ ገና ያልደረሰ ይሁን ወይም ፈጽሞ የማይዘቅጥ ይሁን በምን አውቃለሁ? ሁለቱም ለዓይን አንድ ናቸው። ሁልጊዜ እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም።

ሚዛን

ዘር ጣሉበት መምህር። የዚያኑ ጨው አንድ ሁለት ቅንጣት ውሰዱና ቢከሩ ውስጥ ጨምሩ። ካለፈ ቅንጣቷ ትወፍራለች፣ ዙሪያዋን ይደፈርሳል። ካላለፈ ቅንጣቷ እየሳሳች ትጠፋለች። ዘር ከሌለዎት የቢከሩን ውስጠኛ ግድግዳ በብርጭቆ ዘንግ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ በፋቁት መስመር ላይ ክሪስታል ይጀምራል። ግን ፍቀቱ ምንም ካላመጣ እርግጠኛ አያደርግም። ዘሩ ይሻላል።

ሰማያዊ ጋን

ዘሩን እሞክረዋለሁ። አንድ ያልገባኝ ግን አለ፤ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር ከ Q አስቀድሞ ማስላት ይቻላል?

ሚዛን

ከ Q ብቻ አይቻልም። የቢከሩ ንጽህና፣ አቧራው፣ አማሰሉ ሁሉ ይገባበታል። ያንኑ ነገር ነገ ብትደግመው ሌላ ሰዓት ሊያሳይህ ይችላል።

ጠብታ

ተመልሻለሁ! ዛሬ ላብ ገብቼ ሁለት ነገር አደረግኩ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ደህና መሆኑን ለማየት ያንኑ 0.030 M ሌድ ናይትሬት 100 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ። በዚህ ጊዜ የጨመርኩበት 100 ሚሊ ሊትር 1.0 M ሶድየም ክሎራይድ ነው። አስቀድሜ አሰላሁ፦ 0.015 × (0.50)² = 3.75 × 10⁻³፤ ከ Ksp ወደ 220 እጥፍ። ድንበር ላይ እንዳይሆን ብዬ ነው ያን ያህል ያወፈርኩት። ትንሽ ቆይቶ መሃሉ ላይ እንደ ሐር ክር የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር መዞር ጀመረ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ አየው። ጠርሙሱ ተርፏል።

ሁለተኛው ዘሩ ነው። ያን ዝቃጭ ፊልተር አድርጌ ክሎራይዱ እንዲለቀው በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ቅይጥ እንደገና ሠራሁ፣ የ0.030ና የ0.040ውን። በስፓቱላ ጫፍ ሦስት አራት ቅንጣት ጣልኩበት። ሲያማስሉት ጠርዛቸው እየተበላ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፈልጌ አጣኋቸው።

ካልሲየም ክሎራይዱን ገና አልሞከርኩም፣ ለነገ ነው።

ብርሌ

ጠፉ አይደል! ጠብታ፣ ነገ የካልሲየሙን ስትሠሪ በዚያም ዘር ጣዪበት። የኔ 2.4 × 10⁻⁵ ነውና መጨረሻውን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ አይዘቅጥም እላለሁ።

ነጭ ጠመኔ

እኔ ዘሩ ሳይሟሟ እንዳለ ይቀራል እላለሁ። ድንበር ላይ ከሆነ አይጨምርም አይቀንስም።

ሚዛን

እኔም ከብርሌ ጋር ነኝ፤ ቅንጣቷ ትሳሳለች ብዬ እጠብቃለሁ። ጠብታ፣ የክፍሉን ሙቀት አብረሽ መዝግቢ። ሌድ ክሎራይድ በሙቀት መሟሟቱ በጣም ይጨምራል፣ በፈላ ውሃ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ Ksp ደግሞ የተጻፈው ለ25 ዲግሪ ነው። ሌድ ያለበትን ፈሳሽ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ እንጂ ወደ ቧንቧው አትድፊው።

ጠብታ

እሺ ጋሼ። ቴርሞሜትሩን አሁኑኑ ከቢከሩ ጎን አስቀምጣለሁ።